የመጋዘን ሥራ፦ ኢአርፒ ወይስ የመጋዘን ሲስተም?

ኢአርፒ የድርጅቱን ሂሳብ፣ ግዢና ሽያጭ በአንድ ላይ የሚይዝ ሶፍትዌር ነው። ሻጩ «የእኛ ኢአርፒ መጋዘንም ያስተዳድራል» ይላችኋል። አይዋሽም። ግን «መጋዘን» ብዙ ሥራ ያቀፈ ቃል ነው።

የአቅም ካርታ የሚያግዘው እዚህ ላይ ነው። ካርታው የሚያሳየው ድርጅቱ ምን መሥራት እንዳለበት ነው። ማን ይሠራዋል፣ በየትኛው ሶፍትዌር የሚለው በኋላ ይመጣል። ብዙዎች «የመጋዘን አስተዳደር» የሚለው ሳጥን ላይ ሲደርሱ ቆመው ሲስተም ይመርጣሉ። ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ ነው። አንድ ደረጃ ወደ ታች መውረድ አለባችሁ።

በቀን 1,500 የትዕዛዝ መስመር የሚያስተናግድ የመለዋወጫ አከፋፋይ እንውሰድ። ሳጥኑን ስንከፍተው በዋናነት ሁለት አቅሞች ይወጣሉ፤ የክምችት ሂሳብና ዕቃ ለቀማ።

የክምችት ሂሳብ የኢአርፒ ነው፤ ብዙም አያከራክርም። ዕቃ ሲገባ የክምችት ዋጋው ወዲያው መዝገብ ላይ መግባት አለበት። የአቅራቢው ደረሰኝም ከግዢ ትዕዛዙና ከርክክቡ ጋር ይመሳከራል። ሦስቱ በተለያየ ሲስተም ከተቀመጡ ወር መጨረሻ ላይ ፋይናንስ በኤክሴል ሲያስታርቅ ያመሻል።

ለቀማ ግን ሌላ ዓለም ነው። ለቃሚው ስካነር ይዞ ይዞራል። ቀጣዩ መደርደሪያ የትኛው እንደሆነ በሰከንድ ውስጥ ሊነገረው ይገባል። የሚዞርበት መንገድ፣ የትዕዛዞች አቧደን፣ የዕቃው ቦታ በየጊዜው ይለወጣል። የሂሳብ መዝገቡ ግን የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ ግድ የለውም። ለቀማውን ኢአርፒው ውስጥ ተጨማሪ ኮድ ጽፋችሁ ብትሠሩት እያንዳንዱ የኢአርፒ ማሻሻያ በመጣ ቁጥር እንደገና ትፈትሻላችሁ። እኔ ብሆን ለዚህ አከፋፋይ የተለየ የመጋዘን ሲስተም እመርጣለሁ። በቀን 50 መስመር ብቻ ቢኖረው ግን የኢአርፒው ሞጁልና የታተመ ወረቀት ይበቃዋል።

የተለየ ሲስተም ዋጋው ግንኙነቱ ላይ ነው። ብዛቱን ሁለቱም ሲስተሞች መለወጥ ከቻሉ ቁጥሩ መለያየቱ አይቀርም። ስለዚህ አስቀድማችሁ ወስኑ፤ በመደርደሪያ ደረጃ ያለው ብዛት የመጋዘን ሲስተሙ ነው፣ ጠቅላላ ብዛቱና ዋጋው የኢአርፒው። የቆጠራ ማስተካከያም በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይሂድ። ግንኙነቱ መታመሙን በቀላሉ ታውቃላችሁ፦ ሽያጭ «አለ» ያለውን ዕቃ መጋዘን «የለም» ሲል።

የሻጭ ማሳያ ላይ ስትቀመጡም አንድ ነገር ጠይቁ። ለቃሚው ሄዶ መደርደሪያው ባዶ ቢሆንስ? ኢአርፒው ሌላ ቦታ ይጠቁመዋል ወይስ ቢሮ ያለ ሰው ስክሪን ከፍቶ ማስተካከል አለበት? ሻጩ ስላይድ ሳይሆን ስክሪኑን ያሳያችሁ።