የእናቴን DS-260 ላስተካከለችልን የጽሕፈት ቤት ባለሙያ ምስጋና፣ ጉዳዩ ላላችሁም ጥቆማ

ለቤተሰብ ቪዛ ፎርም አስሞልታችሁ፣ ከላካችሁ በኋላ ስህተት ካገኛችሁበት ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። መገናኛ አካባቢ አንዲት ትንሽ የጽሕፈትና የትርጉም ቤት አለች። ባለቤቷ ስሟ እዚህ እንዳይጻፍ ስለለመነችኝ አልጽፍም። የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ፣ ስልኳን እልካለሁ። ምስጋናዬን ግን በአደባባይ ነው የምናገረው፤ ይገባታልና።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ዜግነት ካገኘ በኋላ ለእናታችን አመለከተ። ማመልከቻው I-130 ጸድቆ ፋይሉ ወደ ብሔራዊ የቪዛ ማዕከል፣ ሁላችንም ኤንቪሲ ወደምንለው፣ ተላለፈ። ክፍያው ተከፈለ። DS-260 የሚባለውን የቪዛ ማመልከቻ የሞላልን ሌላ ቤት ነው። ሰነዶቹን ስካን አድርጎ የጫነውም እሱ ነው። የዚያን ቤት ስም ማንሣት አልፈልግም፣ ሰው ይሳሳታል። ያናደደኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። «የተላከ ፎርም አይነካም፣ አዲስ ክፍያ ከፍላችሁ አዲስ ጀምሩ» አለን። ይሄ ውሸት ነው።

መጀመሪያ የታየው የአባሪው ስህተት ነበር። ከኤንቪሲ ኢሜይል መጣ፣ አካውንታችሁን እዩ የሚል። ገብተን ስናይ ከእናቴ የልደት ሰርተፊኬት ጎን Rejected ተጽፎበታል። ለካ የተጫነው የእናቴ ሳይሆን የወንድሜ የልደት ሰርተፊኬት ነው! ሰውየው ወንድሜ ልጅዋ መሆኑን ማሳየት የተፈለገ መስሎት ይሆናል። ያ ግን ከI-130 ጋር ድሮ ቀርቦ ያለቀ ጉዳይ ነው። በዚህ ደረጃ የሚፈለገው የተጓዡ የራሱ የልደት ሰርተፊኬት ነው።

ጎረቤት ወደዚህች ልጅ ላከን። እኔ ትክክለኛውን ሰርተፊኬት ይዤ ሄጄ «ይሄን ጫኚልን» አልኳት። በጄ አላለችም። «መጀመሪያ ሁሉንም አምጪልኝ፤ ፓስፖርት፣ ሰርተፊኬት፣ ፎርሙ ሲላክ የወጣው ወረቀት። እማማም ይምጡ» አለች። ሥራ ልታበዛ ነው ብዬ ጠረጠርኳት። ዛሬ ሳስበው፣ ያ ጥርጣሬዬ ያሳፍረኛል።

ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። ማስመሪያ ይዛ መስመር በመስመር ታነባለች። ስም ከስም፣ ቀን ከቀን፣ የፓስፖርት ቁጥር ከፓስፖርት ቁጥር። ከዚያ ማስመሪያው አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ፓስፖርቱ የእናቴን ልደት ጃንዋሪ 16 ቀን 1960 ይላል። የተላከው DS-260 ደግሞ ጃንዋሪ 15። የአንድ ቀን ልዩነት።

እናቴ የተወለደችው ጥር 7 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው ሰውዬ ፓስፖርቱን አይቶ መጻፍ ሲገባው፣ ከሰርተፊኬቱ የአማርኛውን ቀን ወስዶ በጭንቅላቱ ቀየረው። ጥር 1 ብዙውን ጊዜ ጃንዋሪ 9 ላይ ነው የሚውለው። ስለዚህ 8 ሲደምር 15 መጣለት። ሒሳቡ ለአብዛኛው ዓመት ልክ ነው። 1952 ላይ ግን አይሠራም። 1951 ዘመነ ሉቃስ ነበር፣ ጳጉሜንም 6 ነበረች። ስለዚህ የ1952 እንቁጣጣሽ የዋለው እንደ ወትሮው ሴፕቴምበር 11 ሳይሆን 12 ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ቀን ሁሉ በአንድ ይገፋል። ፈረንጆቹም በበኩላቸው ፌብሩዋሪን 29 ሲያደርጓት፣ ማለትም የካቲት 21 ላይ፣ ነገሩ ወደ ቦታው ይመለሳል።

ይህን ያስረዳችን እሷ ናት። መለያውም ቀላል ነው አለች። የትውልድ ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ለ4 እኩል ከተካፈለ፣ ማለትም ዘመነ ዮሐንስ ከሆነ፣ ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 ድረስ የተወለደን ሰው ቀን ሁለቴ ተመልከቱ። 1944፣ 1948፣ 1952፣ 1956 እያለ ይሄዳል። እናቴ ሳቀችና «እኔ ራሴ የማላውቀውን ልደቴን ነገርሽኝ ልጄ» አለቻት።

አንድ ቀን ምን ያመጣል እንዳትሉ። ቪዛው የሚታተመው ከፎርሙ ላይ በተወሰደ መረጃ ነው። ኦፊሰሩ ሳያየው ካለፈ፣ ቪዛው ከፓስፖርቱ ጋር አይገጥምም። ከዚያ ግሪን ካርዱ ይከተላል፣ ሶሻል ሴኩሪቲውም ይከተላል። ያኔ ማስተካከል አሜሪካ ከገቡ በኋላ ሌላ ፎርም፣ ሌላ ወረፋ ነው።

ከዚያ ለወንድምሽ ደውይለት አለችኝ። የI-130 ኮፒውን ፎቶ አንሥቶ ላከ። እዚያ ላይ 16 ነው። «ተመስገን፣ ስህተቱ አንድ ቦታ ብቻ ነው» አለች። ይህን ያጣራችው በምክንያት ነው። እዚያም 15 ቢሆን ኖሮ DS-260ን ብቻ ማስተካከል ሌላ ልዩነት ይፈጥር ነበር። I-130 ላይ ያለውንም የልደት ቀን አብሮ ማሳወቅ ያስፈልግ ነበር።

አሁን ወደ ማስተካከሉ። የተላከ DS-260 በራስ አይከፈትም፤ ይሄ እውነት ነው። ግን ኤንቪሲ ይከፍተዋል። በእነሱ ድረ ገጽ ላይ Public Inquiry Form የሚባል የጥያቄ ቅጽ አለ። እሷ የሞላችው መልእክት አጭር ነበር። ADD ብሎ የሚጀምረው የኬዝ ቁጥር፣ የእናቴና የወንድሜ ስም፣ ፎርሙ ላይ ያለው ቀን ይሄ ነው፣ ፓስፖርቱ ላይ ያለው ይሄ ነው፣ እንድናስተካክለው DS-260ን ክፈቱልን። በቃ። ይቅርታ የለ፣ ታሪክ የለ። እኔ ሰውየው እንዴት እንዳጠፋ ጻፊበት ስላት «አንባቢው ማወቅ የሚፈልገው ምኑ ይቀየር የሚለውን ነው» አለችኝ። ሁለቱንም ቀን የጻፈችው ደግሞ እነሱ ፋይሉን የሚያመሳክሩት እጃቸው ላይ ባለው ቀን ስለሆነ ነው። አዲሱን ብቻ ብንጽፍ ኖሮ ሰውዬዋ ሌላ ናት ሊሉ ይችላሉ።

መልሱ እስኪመጣ ሌላ መልእክት እንዳንልክ አስጠነቀቀችን። እኔ ልቤ ተንጠልጥሎ ስለነበር ልልክ ነበር። ተዪ አለችኝ፣ ተውኩት። መልሱ በኢሜይል መጣ፤ ፎርሙ ተከፍቷል። ክፍያም አልተጠየቅንም። ያ የ325 ዶላር ክፍያ ድሮ የተከፈለው ነው፤ እሱው በቂ ነው።

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው አለች። ፎርሙ ሲከፈት ቀኑን ያስተካክላሉ፣ ሴቭ ያደርጋሉ፣ ወጥተው ይሄዳሉ። ፎርሙ ግን እንደገና ካልተላከ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ኤንቪሲ ዘንድ ያልተሞላ ማለት ነው። ኬዙ እዚያው ቆሞ ወራት ያልፋሉ። እስከ መጨረሻው ገጽ ሄዶ Sign and Submit የሚለውን መጫን ያስፈልጋል። እናቴን ያስመጣቻትም ለዚህ ነው። ቀኑን ካስተካከለች በኋላ ፎርሙን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ በአማርኛ አነበበችላት፣ ከዚያ ማውሱን እጇ ላይ አድርጋ «እርስዎ ነዎት የሚፈርሙት፣ እርስዎ ይጫኑት» አለቻት። ፎርሙ ላይ ማን ረዳህ የሚል ጥያቄም አለ። እዚያ ላይ የራሷን ስም ጻፈች። የፊተኛው ሰውዬ ማንም አልረዳኝም ብሎ ነበር የሞላው።

የልደት ሰርተፊኬቱንም እንዲሁ። በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ፊቱንም ጀርባውንም በከለር ስካን አደረገች። ማኅተሙ ጥርት ብሎ እስኪታይ ደጋግማ። በተጣለው ቦታ ተካችውና Submit Documents የሚለውን ጫነች። ይሄም እንደዚያው ነው፤ ፋይሉን አካውንቱ ላይ መጫን ብቻውን መላክ አይደለም። ፋይሉ ገጹ ላይ ስለታየ የተላከ የሚመስላቸው ሰዎች ኤንቪሲ አይመልስም ብለው ሲራገሙ እንደሚውሉ ነገረችን። ታዲያ አንድ ነገር እወቁ። ሰነድ እንደገና ሲላክ እንደገና ወረፋ ይይዛል። ስለዚህ አንዱን ዛሬ አንዱን ነገ ከመላክ፣ የተበላሸውን ሁሉ ለቅሞ አንድ ላይ መላክ ይሻላል። መጀመሪያ ሁሉን አምጪ ያለችኝ ለዚህ እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

ሲያልቅ አዲሱን ማረጋገጫ ገጽ አትማ ሰጠችን። አሮጌውን ደግሞ እዚያው ቀዳ ጣለችው፣ ለቃለ መጠይቅ ቀን እንዳይደባለቅ። ሰነዱ አሁን Accepted ይላል። እናቴ የቃለ መጠይቅ ቀን እየጠበቀች ነው።

እዚያ ቁጭ ብዬ ያየሁትን አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ሰው መጣና የተላከ ፎርም ላይ ያልጻፈውን ልጅ አሁን ጨምሪልኝ አላት። እምቢ አለችው። «ይሄ የታይፕ ስህተት አይደለም። DS-260 ልጅ ሁሉ ይጻፍ ነው የሚለው፣ አብሮም ባይሄድ። ለምን እንዳልተጻፈ ሊጠየቁ ይችላሉ። እኔ ሳልሆን ጠበቃ ነው የሚያስፈልግዎት» አለችው። ብሩን ከኪሱ አውጥቶ ነበር፣ አልተቀበለችውም። እንደ እኔ ከሆነ ይህች ብቻ ለጥቆማ ትበቃለች።

የማትሠራውም አለ። ኬዙ ቃለ መጠይቅ ተይዞለት ወደ ኤምባሲው ካለፈ ኤንቪሲን ጠይቂልኝ አትበሏት። ያኔ የሚጻፈው ለኤምባሲው ነው፣ ወይም በቃለ መጠይቁ ቀን ለኦፊሰሩ ይነገራል። ትንንሽ ስህተት እዚያው መስኮቱ ላይ ይስተካከላል። ፓስፖርቱ ራሱ ከተሳሳተ ደግሞ መጀመሪያ ኢሚግሬሽን ሂዱ ትላለች። በተሳሳተ ፓስፖርት ልክ ፎርም ማስተካከል ወደ ኋላ መሄድ ነው።

ዋጋዋ ውድ አይደለም፣ የምትጠይቀው በሠራችው ልክ ነው። እሑድ ዝግ ነው። ስትሄዱ የሰነዱን ዋናውን ያዙ፣ በስልክ የተነሣ ፎቶ አትቀበልም። የአካውንቱን የኬዝ ቁጥርና የኢንቮይስ መለያ ቁጥር አትርሱ፤ ያለ ሁለቱ ገብታ ማየት አትችልም፣ በከንቱ ትመለሳላችሁ።