አንድ የዘገየ ቡና፣ ሁለት የይቅርታ ደብዳቤ

ከጅማ አዲስ አበባ ላለ ቡና ወደ ውጭ ላኪ ደንበኛችን 120 ኬሻ ቡና በ4 ቀን ዘግይቶ ደረሰ። ሁለት ረቂቅ ጻፍን።

የመጀመሪያው በዝናቡ ይጀምራል። ቡናው ማድረቂያ አልጋው ላይ አልደርቅ አለ፣ መኪናም ጠፋ ይላል። ሁሉም እውነት ነው፤ ግን የሚያወራው ስለ እኛ ብቻ ነው። «ለተፈጠረው መጉላላት» የሚለው ደግሞ ጥፋተኛውን ይደብቃል።

ሁለተኛው፦ «ሰኞ ብለን ዓርብ አደረስን። ጥፋቱ የእኛ ነው። የመርከብ ቀጠሮዎን እንዳጣበብን እናውቃለን። ቡናው ሳይደርቅ ቀን ቆርጠን ነገርንዎ። ከእንግዲህ የእርጥበቱ ልክ ከ12 በመቶ በታች መሆኑን ሳናይ ቀን አንሰጥም። በመዘግየታችን የወጣ የመጋዘን ኪራይ ካለ ደረሰኙን ይላኩልን፣ እንከፍላለን።»

እኔ ሁለተኛውን መረጥኩ። ዝናቡን አንድ መስመር ብናስገባ አይከፋም፣ ከጥፋታችን በኋላ ከሆነ። የኪራዩን ነገር ግን መክፈል ካልቻልን ባንጽፈው ይሻላል። ደብዳቤውም የተላከው መጀመሪያ ደውለን ካነጋገርናቸው በኋላ ነው።