«ጎማህ ነው» የተባልኩበት ኩሽኔታ፣ ከመንፈቅ በኋላ

ይህን የፊት ኩሽኔታ ለአሮጌዋ ኮሮላዬ ከገዛሁት መንፈቅ አልፎታል። ዋጋው ቀለል ያለ ነበር፤ መጀመሪያ ላይም ድምፁ አይሰማም ነበር። አሁን ግን በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሳልፍ ከቀኝ በኩል «እምምም» ይላል። ፍጥነት ስጨምር ድምፁም ይጨምራል። ሻጩ መልሱ አንድ ነው፦ «ጎማህ ተበልቷል፣ ቀይረው።»

አይደለም! መጀመሪያ ሞተሩን ነው ከደሙ ያነጻሁት። ሜዳ መንገድ ላይ እየሄድኩ ማርሹን ዜሮ አደረግሁ። የሞተሩ ድምፅ ወረደ፤ እምምታው ግን ባለበት ቀጠለ። (ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና በሚወርደው ቁልቁለት ግን ይህን እንዳትሞክሩ።)

ጎማም እንዲህ እንደሚጮህ አውቃለሁ። ሾክ አብዞርበር ሲደክም ወይም ባላንስ ሲጎድል ጎማው እየነጠረ ይሄዳል፤ ጥርሱም ቦታ ቦታውን ይጎደጉዳል። ያ ጎማ አስፋልት ላይ ሲንከባለል ጆሮ ኩሽኔታ ነው ይላል። ስለዚህ በመዳፌ ዙሪያውን ዳሰስኩት፣ ወደ ፊትም ወደ ኋላም። ጉድጓድም፣ የሚቧጭር ጠርዝም የለውም። የጎማ ጩኸት አስፋልቱ ሲቀየርም ይቀየራል፤ ሻካራው ላይ ይብሳል፣ ለስላሳው ላይ ይለዝባል። የእኔው በሁለቱም ያው ነው።

ነገሩን የለየልኝ ከጫጫ ወደ ደብረ ብርሃን ያለው ሜዳ ነው። ከፊትም ከኋላም መኪና በሌለበት፣ መሪውን ቀስ ብዬ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ አዘነበልኩት። ወደ ግራ ሲታጠፍ የመኪናው ክብደት ቀኝ እግር ላይ ያርፋል፤ ያኔ ጩኸቱ ጎላ። ወደ ቀኝ ሲመለስ ሊጠፋ ምንም አልቀረው። የተጎደጎደ ጎማ እንዲህ ባለ ቀላል ማዘንበል ብዙም አይለወጥም። ይህ ምልክት አንዳንዴ ስለሚያሳስት ግን በእሱ ብቻ አልቆምኩም። ጎሚስታ ቤት የቀኝ ፊት ጎማውን ከኋላው ጋር አለዋወጥነው። ጥፋቱ የጎማው ቢሆን ጩኸቱ አብሮት ወደ ኋላ ይሄድ ነበር። አልሄደም።

ከዚያ መኪናዋን በክሪክ አንስተን፣ ማርሹ ዜሮ እንዳለ፣ ቸርኬውን በአንድ እጄ እያዞርኩ በሌላው ሞላውን ያዝኩ። በቀኝ በኩል አሸዋ እንደገባበት ወፍጮ ይንቀጠቀጣል። በግራ በኩል ጸጥ ያለ ነው። «ላይና ታች ስንነቀንቀው ክፍተት የለውም፣ ደህና ነው» ለሚለኝም መልስ አለኝ፦ ኩሽኔታ ክፍተት ሳይኖረውም ይጮኻል። ክፍተቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በኋላ ነው።

«ሲገጠም በመዶሻ ተመቶ ይሆናል» ትሉ ይሆናል። መዶሻ በእርግጥ ኩሽኔታን ያበላሻል፤ ይህኛው ግን ዓይኔ እያየ በፕሬስ ነው የገባው። ስለዚህ ጥፋቱን ለዕቃው ሰጥቻለሁ፤ ሁለተኛ አልገዛውም። በዚህ ሳምንት ዋጋው ከፍ ያለውን አስገባለሁ። ጎማዎቹ ግን ጥርሳቸው ገና ስለሆነ አይነኩም።