በጊጋ የተለካ ጥቅል ወይስ «ያልተገደበ»? የቱ ያዋጣል፣ ፍጥነቱ ሲወርድስ በምን ይታወቃል?

ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የቤት ኢንተርኔት ያላስገባ ሰው ፊልሙንም ሥራውንም የሚያስኬደው በስልኩ ዳታ ነው። የጥቅሎቹ ዝርዝር ረጅም ቢመስልም ከስሩ ያሉት ሁለት ዓይነቶች ናቸው። አንደኛው በጊጋ የተለካው ሲሆን እስኪያልቅ ድረስ ኔትወርኩ በቻለው ፍጥነት ይሠራል፣ ሲያልቅ ያበቃል። ሁለተኛው «ያልተገደበ» የሚባለው ነው። እዚህ ያልተገደበው መጠኑ ነው እንጂ ፍጥነቱ አይደለም። የተቀመጠለት ጣሪያ ላይ ሲደርስ «ፍትሃዊ አጠቃቀም» በሚባለው ደንብ ፍጥነቱ ይቀነሳል፣ ግንኙነቱ ግን አይቋረጥም።

ስለዚህ ያልተገደበ ጥቅል ሲገዙ ከዋጋው በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ጣሪያው ስንት ጊጋ ነው፣ የሚቆጠረው በቀን ነው ወይስ በወር፣ ከጣሪያው በኋላ ፍጥነቱ ስንት ይሆናል። ከሦስቱ ብዙ ገዢ የሚዘለው ሁለተኛውን ነው፤ ብዙ ብር የሚበላውም እሱ ነው።

በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹ ለስሌት ብቻ የተወሰዱ ናቸው፣ የማንም ድርጅት ታሪፍ አይደሉም። አንዱ ጥቅል 30 ጊጋ በወር ይሰጣል። ሌላው ያልተገደበ ነው፤ በቀን 1 ጊጋ በሙሉ ፍጥነት ከሰጠ በኋላ ወደ 512 ኪሎቢት በሰከንድ ይወርዳል። በወር ሲታዩ እኩል ይመስላሉ። አሁን ከሰኞ እስከ ዓርብ መሐል ከተማ ሥራ የሚውል፣ በቀን ወደ 300 ሜጋ ብቻ የሚጠቀም፣ ቅዳሜና እሁድ ግን ቤት ሆኖ በቀን 2.5 ጊጋ የሚጨርስ ሰው አስቡ። 22 የሥራ ቀናት 6.6 ጊጋ፣ 8 የእረፍት ቀናት ደግሞ 20 ጊጋ ይወስዱበታል። ድምሩ 26.6 ነው፣ 30 ጊጋው ይበቃዋል፣ ይተርፈዋልም።

በቀን የሚቆጠረውን ቢገዛስ? ቅዳሜ የመጀመሪያው 1 ጊጋ ካለቀ በኋላ 1.5 ጊጋ ይቀረዋል። 512 ኪሎቢት ለ8 ሲካፈል 64 ኪሎባይት በሰከንድ ነው። በዚህ ፍጥነት 1.5 ጊጋ ለማውረድ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ያልነካው 700 ሜጋ ደግሞ በየሌሊቱ ይጠፋል እንጂ ለቅዳሜ አይጠራቀምም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የተለካው ይሻላል። በየቀኑ ተቀራራቢ መጠን ለሚጠቀም፣ በተለይም ጣሪያው ካለፈ በኋላ የሚፈልገው የጽሑፍ መልእክትና የድምፅ ጥሪ ብቻ ለሆነ ሰው ግን ያልተገደበው ያዋጣል። 512 ኪሎቢት ለቴሌግራም ጽሑፍና ለድምፅ ጥሪ ይበቃል። ዩቲዩብን በ144 ወይም በ240 ያሳያል፣ በ480 ግን እየቆመ ያስቸግራል።

የተለካውም የራሱ ወጥመድ አለው። ሲያልቅ ዳታው በዋናው ሂሳብ ላይ መቁጠር ከቀጠለ፣ የሞሉት ካርድ ሳያዩት ያልቃል። ከመግዛትዎ በፊት ይህን ያጣሩ። ካልተጣራ ዋናው ሂሳብ ላይ ብዙ ብር አያስቀምጡ፣ የስልኩን የዳታ ገደብም ከጥቅሉ ጥቂት ዝቅ አድርገው ያስተካክሉ፤ ገደቡ ሲሞላ ስልኩ ራሱ ዳታውን ይዘጋዋል።

ወደ ፍጥነቱ እንምጣ። የከተማው ዳር ላይ ዳታ ሲንቀራፈፍ ምክንያቱ አንድ አይደለም። ጣሪያ አልፎ ሊሆን ይችላል፣ ብሎኩ ሙሉ ሰው ከሥራ ተመልሶ አንዱን ታወር ተሻምቶት ሊሆን ይችላል፣ ወይም ሲግናሉ ከኮንክሪቱ ግድግዳ አልፎ አልገባ ብሎ ይሆናል። ሦስቱ መድኃኒታቸው ይለያያል፤ ለመጀመሪያው የሚያስፈልገው አዲስ ጥቅል በሦስተኛው ላይ የባከነ ብር ነው።

መጀመሪያ ከሲግናሉ አጠገብ ያለችውን ፊደል ይዩ። 4G የነበረው E ሆኖ ከሆነ ስልኩ ወደ ሁለተኛው ትውልድ ወርዷል፣ ጥቅሉን አይጠርጥሩ። ፊደሉ ካልተለወጠ ቀላል ሙከራ አለ። ቴሌግራም ላይ ገና ያልወረደ፣ 5 ሜጋ ገደማ የሆነ ቪዲዮ ይምረጡ፤ መጠኑ ከመውረዱ በፊት ይታያል። ሌላ ማውረጃ ሁሉ ዘግተው ሰከንዱን ይቁጠሩ። በ512 ኪሎቢት 5 ሜጋ 80 ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። ይህንኑ በተመሳሳይ መጠን ሌላ ቪዲዮ ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓትና ከሰዓት በኋላ ይድገሙት። ሦስቱም ጊዜ 80 አካባቢ ከሆነ ፍጥነቱ ተገድቧል። ጣሪያዎ በወር የሚቆጠር ሆኖ ምሽት 80፣ ሌሊት 8 ከሆነ ችግሩ የታወሩ መጨናነቅ ነው፤ በቀን የሚቆጠር ከሆነ ግን ሌሊት ስለሚታደስ በዚህ ልዩነት ብቻ አይፍረዱ። መስኮት ጋ ሲሄዱ ፈጥኖ ወደ ውስጥ ሲገቡ የሚሞት ከሆነ ደግሞ ሲግናል ነው፤ ያኔ ብዙ ጊዜ ስልክ ጥሪውም ይቆራረጣል።

የተገደበ ፍጥነት የሚታወቀው በዝግታው ሳይሆን ከአንድ ቁጥር ባለመነቃነቁ ነው። ሲጨናነቅ ፍጥነቱ ይወጣል ይወርዳል፣ ሲገደብ ግን አንዱ ቁጥር ላይ ይተከላል። አንዳንድ ገደብ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ሰከንዶች ይለቅና ከዚያ ስለሚይዝ በሦስት ሰከንድ ሙከራ አይፍረዱ። የፍጥነት መለኪያ አፕ ካስፈለገም መስመሩ ፈጣን በሆነ ጊዜ አንዱ ሙከራ ብቻ በርካታ አሥር ሜጋ እንደሚበላ ይወቁ። ከሁሉ የሚያረጋግጠው ግን የዚያኑ ድርጅት፣ ጥቅሉ ገና ያልተነካ ሲም ከጎረቤት ወስዶ እዚያው ቦታ፣ በዚያው ስልክ መሞከር ነው። እሱ ፈጥኖ የእርስዎ ከተንቀራፈፈ ጣሪያውን አልፈዋል። አዲስ ጥቅል ገዝተውም ዝግታው ካልለቀቀ የአውሮፕላን ሁነታን አሥር ሰከንድ ያህል አብርተው ያጥፉ፤ ግንኙነቱ እንደ አዲስ ሲከፈት ብዙ ጊዜ አዲሱን ጥቅል ይይዛል።

ዳታ ሳይታወቅ የሚያልቀው ደግሞ በአብዛኛው በላፕቶፕ ነው። ላፕቶፑ በስልክ ሆትስፖት ሲገናኝ ዋይፋይ ያገኘ ስለሚመስለው ማሻሻያውን በጊጋ ያወርዳል። ዊንዶውስ ላይ የተገናኙበትን ዋይፋይ ዝርዝር ከፍተው `Metered connection` የሚለውን ያብሩ። ስልኩ ላይ `Data Saver` ን ያብሩ፣ ፕሌይ ስቶር አፖችን በዋይፋይ ብቻ እንዲያሻሽል ያድርጉ። ቴሌግራም ላይ `Data and Storage` ውስጥ ገብተው በሞባይል ዳታ ጊዜ ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ ያጥፉ፤ ትልልቅ ግሩፖች ውስጥ ያለ ሰው ልዩነቱን በሳምንት ውስጥ ያየዋል። ዩቲዩብን ከ720 ወደ 480 ማውረድ በስልክ ስክሪን ላይ እምብዛም አይታወቅም፣ የሚበላው ዳታ ግን ወደ ግማሽ ይወርዳል።

የሌሊት ጥቅል ርካሽ የሚሆነው ለሚጠቀምበት ሰው ብቻ ነው። 300 ብር ለ10 ጊጋ ተከፍሎ 6ቱ ብቻ ከተነካ ጊጋው የወጣው በ30 ሳይሆን በ50 ብር ነው። የሳምንት ጥቅልን ከወር ጋር ሲያወዳድሩም አራት ሳምንት 28 ቀን ብቻ መሆኑን ያስሉ።