ሁለት የሱቅ ኪራይ ውሎች ጎን ለጎን፦ 25 ሺህ ወይስ 22 ሺህ?

አዲስ አበባ ውስጥ ለአንድ ልብስ ነጋዴ ስፋታቸው እኩል የሆነ ሁለት ሱቆች ቀረቡለት እንበል። የአንዱ ኪራይ በወር 25,000 ብር ነው፤ ውል ሀ እንበለው። የሌላው 22,000 ብር ነው፤ እሱ ውል ለ ይሁን። ሁለቱም ለሦስት ዓመት ናቸው። ደላላው የሚያወራው ስለ መጀመሪያው ወር ኪራይ ብቻ ነው፤ ልዩነቱ ያለው ግን ውሉ ውስጥ ነው።

ውል ሀ «ኪራዩ በየዓመቱ 10 በመቶ ይጨምራል» ይላል። ውል ለ ደግሞ «በየስድስት ወሩ 10 በመቶ ይጨምራል» ይላል። መቶኛው አንድ ስለሆነ ብዙ ሰው ሳያስተውል ያልፈዋል። ሆኖም እያንዳንዱ ጭማሪ የሚሰላው ቀድሞ በጨመረው ኪራይ ላይ ስለሆነ ሒሳቡ እንዲህ ይወጣል፦

| ዓመት | ውል ሀ (ብር) | ውል ለ (ብር) |
|---|---|---|
| 1ኛ | 300,000 | 277,200 |
| 2ኛ | 330,000 | 335,412 |
| 3ኛ | 363,000 | 405,848 |
| ድምር | 993,000 | 1,018,460 |

በመጨረሻዎቹ ስድስት ወራት ውል ለ በወር ከ35,400 ብር በላይ ሲያስከፍል፣ ውል ሀ 30,250 ላይ ነው። እድሳት ሲመጣ ድርድሩ የሚነሣው ከዚያው የመጨረሻ ኪራይ መሆኑን አይርሱ።

ሰንጠረዡን የሚገለብጥ አንድ ሐረግ ግን አለ። ውል ሀ «ቫትን ሳይጨምር» ቢል፣ ውል ለ ደግሞ «ቫትን ጨምሮ» ቢል፣ በውል ሀ ላይ 15 በመቶ ይታከላል፤ የሦስት ዓመቱ ክፍያም 1,141,950 ብር ይደርሳል። የቫት ተመዝጋቢ ነጋዴ በደረሰኝ ማቀናነስ ይችላል፤ ያልተመዘገበው ግን ሙሉውን ከኪሱ ይከፍላል። ውሉ ስለ ቫት ዝም ካለ ሳይፈርሙ በጽሑፍ ያስገቡት። የጥበቃ፣ የጽዳትና የጀነሬተር ክፍያም እንዲሁ ነው፦ በኪራዩ ውስጥ ነው ወይስ ለብቻው? ለብቻው ከሆነ ማን፣ በምን ሒሳብ ይጨምረዋል?

ከሁሉም የሚከፋው «ኪራዩ በወቅቱ የገበያ ዋጋ ይስተካከላል» የሚለው አንቀጽ ነው። የገበያውን ዋጋ ማን እንደሚወስን ካልተጻፈ በተግባር የሚወስነው አከራዩ ነው። በ2016 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 ይከላከልልኛል ብለው የሚያስቡ ነጋዴዎች አሉ። አዋጁ የመኖሪያ ቤት ኪራይን እንጂ ሱቅን አይመለከትም። የግል ሕንፃ ላይ ለሚከራይ ሱቅ የጭማሪው ጣሪያ ውሉ ላይ የሰፈረው ነው።

ወደ እድሳት እንለፍ። ውል ለ «ውሉ በሁለቱ ወገኖች ስምምነት ሊታደስ ይችላል» ይላል። ሲሰማ ደስ ይላል፤ ግን ምንም መብት አይሰጥም፤ አከራዩ አልስማማም ካለ ደንበኛ ያፈሩበትን ሱቅ ለቀው ይወጣሉ። ውል ሀ «ተከራዩ ውሉ ከማብቃቱ 60 ቀን በፊት በጽሑፍ ካሳወቀ ለተጨማሪ ሁለት ዓመት ይታደሳል፤ የእድሳት ጭማሪውም ከ10 በመቶ አይበልጥም» ይላል። ይህ መብት ነው። የሚበላሸው ቀኑ ሲያልፍ ወይም ማሳወቂያው በቃል ሲቀር ነው። ስለዚህ ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አዘጋጅተው በአንዱ ላይ መቀበያ ፊርማና ቀን ያስደርጉ።

ከጊዜው በፊት መውጣትን በተመለከተ ውል ሀ ለሁለቱም ወገን የ90 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይጠይቃል፤ ተከራዩ ቀድሞ ከወጣ የሁለት ወር ኪራይ ይቀጣል። በውል ለ አከራዩ በ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ማስወጣት ይችላል፤ ተከራዩ ግን ከወጣ የቀሩትን ወራት ኪራይ በሙሉ ይከፍላል። በ18ኛው ወር መጨረሻ ንግዱ ቢዳከምና መልቀቅ ቢፈልጉ፣ የውል ሀ ቅጣት 55,000 ብር ነው። የውል ለ ዕዳ ግን 581,500 ብር ገደማ ይሆናል።

የስድስት ወር ቅድሚያ ከፍለው ከሆነ ያልተኖረበት ወር ገንዘብ በስንት ቀን እንደሚመለስ ይጻፍ። «ተከራዩ የሠራው ሁሉ ለአከራዩ ይቀራል» የሚለውንም ይዩት፤ ከ30 ቀኑ ማስጠንቀቂያ ጋር ሲገናኝ፣ ጂፕሰም፣ መደርደሪያና መስታወት ሠርተው በጥቂት ወር ውስጥ ባዶ እጅዎን ሊወጡ ይችላሉ። ቢያንስ «አከራዩ ካስወጣ ተከራዩ ለሠራው ያወጣውን ወጪ ይመልሳል» የሚል ይታከልበት።

የቫቱ ነገር በሁለቱም አንድ ከሆነ፣ እንዳሉ ሲነጻጸሩ ውል ሀ ይሻላል። ውል ለን ግን ወዲያው አይጣሉት፤ ሁለት ለውጥ ብቻ ይጠይቁ፦ ጭማሪው በዓመት አንዴ ይሁን፣ ማስጠንቀቂያውና ቅጣቱም ለሁለቱም ወገን እኩል ይሁን። አከራዩ ከተስማማ የሦስት ዓመቱ ኪራይ ወደ 873,840 ብር ይወርዳል። የተስተካከለው ቃል በስልክ ወይም በደላላ አፍ ሳይሆን ሰነዶች ማረጋገጫ በሚቀርበው ውል ላይ መግባት አለበት። አከራዩ አነስተኛ ኪራይ የተጻፈበት ሌላ ውል ለዚያ ቢሮ እናቅርብ ካለዎት፣ የጭማሪው ጣሪያና የእድሳት መብትዎ የቱ ላይ እንደቀረ መጀመሪያ ይመልከቱ።