ኤሲኤል ወይስ ካፓቢሊቲ? ለትንሽ ቢሮ ሰርቨር የቱን ልምረጥ

ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ያለ አንድ ማተሚያ ቤት የወሩ የሂሳብ ፋይል ጠፋ ብለው ጠሩኝ። ፋይሉ አልጠፋም፣ ቦታው ላይ አለ። ስከፍተው ግን ውስጡ ያለው የአንድ ደንበኛ ፒዲኤፍ ነው። የሰረቀ ሰው የለም፣ ቫይረስም የለም። የጻፈበት የደንበኞችን ሰነድ ወደ ፒዲኤፍ የሚቀይረው የራሳቸው ፕሮግራም ነው። ደንበኛው ለሚወጣው ፋይል ስም እንዲሰጥ ይፈቀድለት ነበርና ይሄን ጻፈ፦

```
../hisab/kefya.csv
```

`..` አንድ ፎልደር ወደ ላይ ውጣ ማለት ነው፤ ስሙ ቀጥታ የሂሳብ ፋይሉ ላይ አረፈ። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ሥራ ክፍያ የሚመዘግበው እዚያው ፋይል ላይ ስለሆነ፣ የመጻፍ ፈቃድ ነበረው። የፈቃድ ዝርዝሩን አየሁት፦

```
$ getfacl -c /srv/hisab/kefya.csv
user::rw-
user:print:rw-
group::---
mask::rw-
other::---
```

እዚህ ላይ አንድም ስህተት የለም። ኤሲኤል ማለት ይሄው ነው፤ እያንዳንዱ ፋይል በሩ ላይ የስም ዝርዝር ይዞ ይቆማል። ሲስተሙ «ማን ነህ?» ይላል፣ ፕሮግራሙ «print ነኝ» ይላል፣ ያልፋል። «አሁን የመጣኸው ለራስህ ሥራ ነው ወይስ ደንበኛ ልኮህ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። እ.ኤ.አ. በ1988 የኮምፒውተር ባለሙያው ኖርም ሃርዲ የጻፈው ታሪክም ከዚህ ጋር አንድ ነው። እዚያ ፕሮግራሙ ኮምፓይለር ነበር፣ የጠፋውም የክፍያ ፋይል።

ካፓቢሊቲ ነገሩን ይገለብጠዋል። ዝርዝሩ በሩ ላይ አይደለም፤ ቁልፉ ሥራውን በሚሠራው ፕሮግራም እጅ ነው። ደንበኛውን የሚቀበለው ክፍል በደንበኛው ፈቃድ ፋይሉን ራሱ ይከፍትና ለቀያሪው ስም ሳይሆን የተከፈተውን ፋይል ይሰጠዋል። ደንበኛው የሂሳብ ፋይሉን መክፈት አይችልም፣ ስለዚህ ቁልፉን ለማንም ማቀበል አይችልም። ፍሪቢኤስዲ በሚባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ላይ ካፕሲከም የሚባለው ነገር ይሄን ይሰጣል። ፕሮግራሙ የሚያስፈልጉትን ፋይሎች ከፍቶ ይይዛል፣ ከዚያ `cap_enter()` ይላል። ከዚያ በኋላ አዲስ ፋይል በስም ልክፈት ቢል `ECAPMODE` የሚል ስህተት ይመለስለታል። ወደ ኋላ መመለስም የለም፣ ፕሮግራሙ እስኪያልቅ እንደዚያው ነው።

አነስተኛ ፈቃድ የሚባለው መርህ፣ ተመራማሪዎቹ ሳልትዘርና ሽሮደር እ.ኤ.አ. በ1975 የጻፉት፣ ፕሮግራም ለያዘው ሥራ ከሚበቃው በላይ ፈቃድ አይኑረው ነው የሚለው። ኤሲኤል ላይ ፈቃዱ የሚሰጠው `print` ለሚባል ስም ነው፣ ቀን ከሌት። ካፓቢሊቲ ላይ ግን ለዚህች አንድ ሥራ ነው። ልዩነቱ ይሄ ነው።

ታዲያ ካፓቢሊቲ ግዙ እያልኩ አይደለም። ካሸሯ ሥራ ለቀቀች እንበል። ኤሲኤል ላይ አንድ መስመር ይበቃል፦

```
setfacl -x u:kasher /srv/hisab/kefya.csv
```

ካፓቢሊቲ ላይ ግን የተሰጠ ቁልፍ መልሶ መንጠቅ ከባድ ነው፤ መሰረዣው ቀድሞ ካልተሠራ አይሆንም። «ይሄን ፋይል ማን ማን መንካት ይችላል?» ብሎ አለቃ ሲጠይቅም ኤሲኤል በአንድ ትእዛዝ ይመልሳል፣ ካፓቢሊቲ ቁልፎቹን ሁሉ ማሳደድ ይፈልጋል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ኤሲኤል የሚጠይቀው ፋይሉ ሲከፈት ብቻ ነው። ካሸሯ ቀድማ ከፍታው ከነበረ፣ ስሟን ብትሰርዙትም የተከፈተው እስኪዘጋ ይሠራል። ስለዚህ ስሟን ሰርዛችሁ ከሲስተሙም አስወጧት።

ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ያደረግኩት ሊኑክሱን ሳልቀይር ነው። ሒሳብ መዝጋቢውን ለብቻው አካውንት ሰጠሁት፣ `print` ን ከሂሳብ ፋይሉ ዝርዝር አወጣሁት። ያንኑ ስም ብትጽፉ አሁን `Permission denied` ነው የሚለው። ግማሽ መፍትሄ ነው ግን። ቀያሪው አሁንም የሌሎች ደንበኞችን ሰነድ ሁሉ ማንበብ ይችላል፣ በስሙ ተፈቅዶለታላ። የተበላሸ ሰነድ ገብቶ ቢያሳስተው የመታወቂያ ኮፒ ሁሉ ሊወጣ ነው። ያንን የሚዘጋው ካፓቢሊቲ ነው።

ስለዚህ ሰነዱን የሚከፍቱት የምታውቋቸው ሠራተኞች ከሆኑ ኤሲኤል ይበቃችኋል፣ ገንዘባችሁን ሌላ ነገር ላይ አውሉት። ከውጭ ሰው የመጣ ፋይል የሚፈታ ፕሮግራም ካላችሁ ግን ቀያሪው እንደ ካፕሲከም ባለ ነገር ውስጥ መሥራቱን ጠይቁ። ሻጩ «ሊኑክስም ካፓቢሊቲ አለው» ብሎ `setcap` ቢያሳያችሁ ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ሁሉ የሚፈቀድለትን አካውንት፣ የሩትን፣ ሥልጣን ይከፋፍላል፣ ለምሳሌ ከ1024 በታች ያለ ፖርት ለመያዝ ብቻ የሚሆን ፈቃድ ይሰጣል። ጠቃሚ ነው፣ ግን የሰነዶቹን ቁልፍ አይቆጣጠርም። ሻጩ ፊት `../hisab/kefya.csv` ብላችሁ ሞክሩት።