ከቆርቆሮ ሥር ምን ይግባ? የፎይል፣ የማዕድን ሱፍና የአየር ክፍተት ንጽጽር

በድሬዳዋ ወይም በሰመራ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተቀመጠ ሰው፣ በርና መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቶ እንኳን አናቱ ላይ የሚወርደው ሙቀት እንደማይለቀው ያውቃል። ሞቃት አየር ከላይ ስለሚንሳፈፍ ሙቀቱን ወደ ታች የሚያወርደው በዋናነት አየሩ አይደለም፤ እሳት ዳር የተቀመጠን ሰው ፊት እንደሚለበልበው ያለ ጨረር ነው። ሦስቱን አማራጮች ስናወዳድር መነሻችን ይህ ሊሆን ይገባል።

በድሬዳዋ የሚገኝ አንድ 4 በ4 ሜትር የሆነ፣ ያረጀ ቆርቆሮና ስስ የቺፕውድ ኮርኒስ ያለው ክፍል እንውሰድ። ቆርቆሮው 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ኮርኒሱ ደግሞ 35 ዲግሪ በሆነበት ሰዓት፣ በሁለቱ መካከል በጨረር የሚወርደው ሙቀት ሲሰላ በካሬ ሜትር 190 ዋት ገደማ፣ ለመላው ክፍል ደግሞ 3,000 ዋት ያህል ይሆናል። ይህም አንድ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ከሚስበው ኃይል ብዙም አይርቅም።

አንጸባራቂ የአሉሚኒየም ፎይል የሚሠራው በዚህ ጨረር ላይ ነው። ንጹሕ ፎይል የሚመጣበትን የሙቀት ጨረር 95 በመቶ ያህሉን ይመልሳል፤ ራሱ ቢሞቅ እንኳን ከገጹ የሚለቀው ጨረር እጅግ ጥቂት ነው። በዚያው ስሌት የቆርቆሮው የታችኛው ገጽ የፎይል ያህል ቢያብረቀርቅ ኖሮ ለመላው ክፍል የሚወርደው ጨረር 200 ዋት እንኳን አይሞላም ነበር። በተግባር በመገጣጠሚያና በአየር በኩል የሚያልፍ ሙቀት ስላለ ትርፉ ከዚህ ያንሳል። ሆኖም ለዋጋውና ለክብደቱ ይህን ያህል የሚሠራ ሌላ ነገር አላውቅም።

ነገር ግን ፎይል ጥቅም የሚሰጠው ከሚያብረቀርቀው ገጹ ፊት ለፊት ቢያንስ 2 ሴንቲሜትር ያህል ክፍት አየር ሲኖር ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ የማየው ስሕተት ባለ አረፋውን ፎይል ከቆርቆሮው ጋር አጣብቆ ከታች ደግሞ ኮርኒሱን አስጠግቶ መምታት ነው፤ ሙቀቱ በንክኪ ያልፋልና ገንዘቡ ከንቱ ይቀራል። ትክክለኛው አሠራር ከሞራሌው ሥር ወጥሮ የሚያብረቀርቀውን ገጽ ወደ ታች ማድረግ ነው፤ ወደ ላይ የዞረ ገጽ በአቧራ ተሸፍኖ ብልጭታው ከጠፋ ጥቅሙም አብሮ ይጠፋል። በሚገዙበት ጊዜ ሉሁን ሳያስነኩ ወደ ጉንጭዎ ያስጠጉት። እውነተኛ ፎይል የራስዎን ሙቀት መልሶ ሲያሰማዎት፣ ብርማ ቀለም ብቻ የተቀባ ፕላስቲክ ግን ይህን አያደርግም።

ፎይል ኤሌክትሪክ እንደሚያስተላልፍም መዘንጋት የለበትም። በአውስትራሊያ በ2009 እና 2010 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የመንግሥት የቤት ማሻሻያ ፕሮግራም ፎይሉን ለመያዝ የተመቱ የብረት ስቴፕሎች የኤሌክትሪክ ገመድ ወግተው ሠራተኞች ስለሞቱ፣ የፎይል ሥራው በየካቲት 2010 ታግዷል። ከሥራው በፊት ቆጣሪው ይጥፋ።

የማዕድን ሱፍ፣ ማለትም ሮክዉል ወይም ግላስዉል፣ ሙቀቱን የሚያዘገየው በውስጡ በያዘው አየር ነው፤ ስለዚህ ከፊቱ ክፍተት አይፈልግም። በተመሳሳይ የ30 ዲግሪ ልዩነት 10 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ሱፍ በካሬ ሜትር 12 ዋት ገደማ ብቻ ያሳልፋል፤ ውፍረቱ በግማሽ ሲቀንስ የሚያልፈው እጥፍ ይሆናል። አቧራ አያበላሸውም፣ የዝናቡንም ጩኸት ያለዝባል። ኮርኒስ ለሌለው ወይም ኤርኮንዲሽነር ቀን ከሌት ለሚሠራበት ቤት እኔ ሱፉን እመርጣለሁ። ጠላቱ ውኃ ነው፦ በሚስማር ቀዳዳ የገባ ዝናብ ወይም ሌሊት ከቆርቆሮው ሥር የሚንጠባጠብ ጤዛ ካራሰው መከላከል ያቆማል፤ ኮርኒሱ ላይ ቡናማ እድፍ ካዩ ሱፉን አንሥተው ይመልከቱ። የአቡጀዲ ኮርኒስ ክብደቱን አይችልም፣ የሚያነጥፈውም ሰው ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ያስፈልገዋል።

የአየር ክፍተት ከሁሉም ርካሽ ነው፤ ብቻውን ግን ደካማ ነው፣ ምክንያቱም ነፋስ የሞቀውን አየር ይጠርጋል እንጂ ጨረሩን አያስቆመውም። ክፍተቱ ተዘግቶ ከቀረ ደግሞ የሙቀት ማጠራቀሚያ ይሆናል። የመተንፈሻው ስፋት ከኮርኒሱ ስፋት አንድ መቶ ሃምሳኛ ይሁን በሚለው የተለመደ ልክ ለ16 ካሬ ሜትር ኮርኒስ 1,070 ካሬ ሴንቲሜትር ያህል መተንፈሻ ያስፈልጋል፤ ግማሹ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ ግማሹ ወደ ጣሪያው አናት ተጠግቶ ይሁን፤ ሁሉም ወፍና አይጥ እንዳይገባ በወንፊት ሽቦ ይሸፈን። ዋናው ትርፉ ከመሸ በኋላ ይታያል፤ ቀን የተጠራቀመውን ሙቀት አውጥቶ መኝታው ቶሎ እንዲበርድ ያደርጋል።

ስለዚህ ከላይ ለተጠቀሰው የድሬዳዋ ክፍል፣ ኤርኮንዲሽነር ከሌለው፣ በጀቱን ፎይልና መተንፈሻ ላይ ባውል ይሻለኛል። ሥራው መሳካቱን ለማወቅ ፎይሉን መጀመሪያ በአንዱ ክፍል ብቻ ይወጥሩና ጸሐይ በበረታበት ቀን ከቀኑ 8 ሰዓት የሁለቱን ክፍሎች ኮርኒስ በመዳፍዎ ይንኩ፤ ልዩነቱ የማይሰማዎት ከሆነ አናጺው የአየር ክፍተቱን ዘግቶታል ማለት ነው።